ስፒና ሌላ፣ ቮልት ሌላ፦ ስለ አዳፕተርና ኮንቨርተር ለተጻፈው ምላሽ

«ስፒናው የማይገጥም ዕቃ ቮልቱም አይገጥምም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ስልክና ላፕቶፕም ሳይቀር፣ በኮንቨርተር እንጂ በአዳፕተር አይሰካ። ከገበያ ቀለል ያለውንና 1600 ዋት የሚለውን ግዙ፤ ትልቁን የቻለ ትንሹ አያቅተውም። ከዚህ ወደ አሜሪካ ዕቃ ለሚወስድ ሰው ግን ሥጋት የለም፤ ያነሰ ቮልት ዕቃ አያቃጥልም።»

ይህ ምክር ያለበት ጽሑፍ ባለፉት ሳምንታት ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ስታዲየም አካባቢ ወዳለችው ጠባብ የጥገና ክፍላችን በደንበኞች እጅ መጣ። ጸሐፊው ሰውን ከኪሳራ ለማዳን አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ መነሻቸውም ትክክል ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ ለሶኬቱ ከማስማማት በቀር በውስጡ የሚያልፈውን ቮልት አይነካም፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ዕቃ አቃጥሏል። የማልስማማው ከዚህ እውነት ተነሥተው በደረሱባቸው ሦስት ድምዳሜዎች ላይ ሲሆን፣ በተለይ ሁለተኛው ምክር በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያስከተለውን ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። የስፒና ቅርጽና ቮልት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ለንደን የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ነውና የእኛ ባለሁለት ክብ እግር ስፒና አይገባበትም፤ ሆኖም እዚያ ያለው ቮልት ከ220 እስከ 240 ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ ከእኛው 220 ጋር ተቀራራቢ ነው። ለዚህ ተጓዥ ካውያውም ሆነ የፀጉር ማድረቂያው የሚያስፈልገው አዳፕተር ብቻ ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። በቻይና ያሉ ብዙ ሶኬቶች አሜሪካኖች የሚጠቀሙበትን ባለሁለት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ያለ ምንም አዳፕተር ይቀበላሉ፤ ከውስጥ ያለው ግን 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የፀጉር ማድረቂያ ይዞ የሄደ መንገደኛ ስፒናው ልክ ስለገጠመለት ይደሰትና በዚያው ቅጽበት ዕቃውን ያጣል። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ሰው ምንም ስሕተት አልሠራም።

ሊታይ የሚገባው ስፒናው ሳይሆን በዕቃው ጀርባ ወይም በቻርጀሩ ሆድ ላይ በጥቃቅን ፊደል የታተመው ጽሑፍ ነው። «ኢንፑት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ «100-240» የሚል ቁጥር ካለ፣ ቀጥሎም «50/60» ከተጻፈ፣ ያ ዕቃ በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም የቤት መብራት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። የዛሬ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቻርጀሩ የገባለትን ተለዋዋጭ መብራት በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፣ ከዚያ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ በአንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል፣ በመጨረሻም የወጣውን ቮልት ራሱ እየለካ ግቤቱ ከፍ ካለ የመክፈቻውን ጊዜ ያሳጥራል፣ ዝቅ ካለ ያስረዝማል። በሌላ አነጋገር ቻርጀሩ ራሱ ኮንቨርተር ነው። ከፊቱ ሌላ ኮንቨርተር መደርደር ቢያንስ ትርፍ ወጪ ነው፤ ቀጥዬ እንደማስረዳው ደግሞ እንደ ኮንቨርተሩ ዓይነት ቻርጀሩን ሊጎዳው ይችላል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው። አዳፕተር ከነጭራሹ እንከን የለሽ አይደለም። ባለሦስት እግር ስፒና በባለሁለት እግር አዳፕተር ሲሰካ የመሬቱ መስመር እዚያው ይቀራል፤ የብረት ሽፋን ባለው ላፕቶፕ ላይ እጃችን ሲንሸራተት የሚሰማን ቀጭን ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ውስጡ የላላ ርካሽ አዳፕተርም ብዙ ዋት የሚጎትት ዕቃ ሲሰካበት ከመገናኛው ላይ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ይህ ግን ጥሩ አዳፕተር ለመምረጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ ላፕቶፕን በኮንቨርተር ለመሰካት ምክንያት አይሆንም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ባለፈው ወር ከአራት ኪሎ አንድ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለትን የፀጉር መቁረጫ ማሽን በፌስታል ይዞ መጣ። ገና ፌስታሉን ሲከፍተው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው። «ጋሼ፣ እንዲያው ዝም ብዬ አልሰካሁትም፤ ጽሑፉ እንዳለው ኮንቨርተር ገዝቼ ነው እኮ!» አለኝ፤ ኮንቨርተሩንም ከኪሱ አወጣው። ከኪሱ ማውጣቱ ራሱ ነገሩን ነገረኝ። 1600 ዋት የተጻፈበት ነገር በእውነት ትራንስፎርመር ቢሆን ኖሮ ውስጡ ያለው ብረትና መዳብ ለአንድ ሰው ሸክም በሆነ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ ኮንቨርተር እየተባሉ የሚሸጡት ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ሲሆን፣ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ የሚለውን 220 ቮልት መብራት ቅርጹን ሳያበላሽ ቁመቱን ብቻ ዝቅ አድርጎ 110 ወይም 120 ያወጣል። ሁለተኛውና ቀላሉ ግን ቮልቱን ዝቅ አያደርገውም፣ ይቆርጠዋል። እያንዳንዱ የመብራት ማዕበል ሲመጣ አብዛኛውን ክፍል ዘግቶ ያሳልፍና ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ብቻ በድንገት ይከፍታል። በዚህ መንገድ በአማካይ የሚደርሰው ሙቀት ከ120 ቮልት ጋር እኩል እንዲሆን ያደርጋል፤ ሲከፍት ግን የሚለቀው የ220ውን ጫፍ ነው። የ220 ቮልት መብራት ጫፉ 311 ቮልት ገደማ ሲሆን የ120ው ጫፍ 170 ነው። እየቆረጠ 120ን የሚያስመስለው ኮንቨርተር የሚለቀው ጫፍ 290 ቮልት ይጠጋል። ለ170 ተብሎ የተሠራ ዕቃ በሰከንድ 100 ጊዜ በ290 ይመታል ማለት ነው።

ይህ ለካውያ ወይም ቀላል የማሞቂያ ሽቦ ላለው ዕቃ ግድ አይሰጠውም፤ የሽቦው ሙቀት የሚከተለው አማካዩን እንጂ እያንዳንዱን ምት አይደለም። ስለዚህ ጸሐፊው ምክራቸውን ለካውያ ብቻ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። እንዲያውም ለ120 ቮልት ለተሠራ ካውያ ኮንቨርተር የግድ ነው፤ በ120 ቮልት 1500 ዋት የሚወስድ ካውያ በቀጥታ 220 ላይ ቢሰካ ከ5000 ዋት በላይ ይጎትታል፣ ከሶኬቱና ከካውያው ማን ቀድሞ እንደሚቀልጥም አይታወቅም። ጥቅል ሽቦ፣ ሞተር ወይም ኤሌክትሮኒክስ ያለው ዕቃ ግን ከሙቀቱ ይልቅ ጫፉ ይጎዳዋል።

በቴስተር ለክቶ ለማረጋገጥ የሚሞክር ሰውም ይሳሳታል። ርካሽ ቴስተሮች ማዕበሉ ለስላሳ ነው ብለው ገምተው በአማካይ ያሰላሉና፣ ተቆራርጦ የወጣውን እውነተኛ 120 ቮልት 75 አካባቢ አድርገው ያነቡታል። «እንዲያውም አንሷል» ብሎ ኮንቨርተሩን የሚያምን ሰው ገጥሞኛል።

ወደ ልጁ ማሽን ልመለስ። በኮንቨርተሩ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ መቀያየሪያ ነበረች፤ በአንዱ በኩል «0-50»፣ በሌላው በኩል «50-1600» ዋት ይላል። በብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ኮንቨርተሮች ውስጥ ዝቅተኛው በኩል ያለው እውነተኛ ትንሽ ትራንስፎርመር ሲሆን፣ ከፍተኛው በኩል ያለው የሚቆርጠው ነው። ልጁ «ትልቁን የቻለ» የሚለውን አንብቦ በከፍተኛው በኩል አደረገው። የፀጉር መቁረጫው የሚወስደው ግን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዋት ብቻ ነበር። ማሽኑን ስከፍተው የጥቅል ሽቦው መከላከያ ጠቁሮ፣ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አገኘሁት።

መቀያየሪያውን በዝቅተኛው በኩል ቢያደርገውስ? ቮልቱ ይስተካከልለት ነበር፤ አንድ የሚቀር ነገር ግን አለ፣ ጽሑፉም አላነሣውም። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ። ለመንገደኛ የሚሸጥ ኮንቨርተር፣ ከባዱም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቁጥር አይለውጥም። እንዲህ ዓይነቱ የፀጉር መቁረጫ የሚሽከረከር ሞተር የለውም፤ አንድ ጥቅል ሽቦ ማግኔት እየሆነ ምላጩን ይስበዋል፣ ስፕሪንግ ይመልሰዋል። ጥቅሉ በአንድ የመብራት ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚስብ፣ በ60 ምላጩ በሰከንድ 120 ጊዜ ሲመላለስ በ50 ግን 100 ጊዜ ብቻ ነው፤ ስፕሪንጉም ለ120 የተመጠነ ስለሆነ ማሽኑ ይንጫጫል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከዚህም በላይ መመላለሱ ሲዘገይ ጥቅሉ ለመብራቱ ያለው ተቃውሞ ስለሚቀንስ፣ በዚያው 120 ቮልት እስከ አንድ አምስተኛ የሚደርስ ተጨማሪ መብራት ያልፍበታል። ለአንድ ራስ ያህል ይችላል፤ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሠራ ሱቅ ግን መጋሉ አይቀርም። (ሶኬት ላይ የሚሰካ የድሮ የአሜሪካ ሰዓት በእኛ አገር በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደኋላ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።)

ማሽኑን ለመጣል አላስቻለኝም፤ ቅርፊቱና ምላጩ ጥሩ ነበር። ጥቅለላውን ፈትቼ ዙሩን ቆጠርኩና ለእኛው መብራት እንደገና ጠቀለልኩት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔት እንዳይለወጥ ቮልቱን ለምልልሱ አካፍሎ ማነጻጸር ይበቃል። 120 ለ60 ሲካፈል 2 ነው፣ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 ነው፤ ስለዚህ የዙሩ ቁጥር 2.2 እጥፍ መሆን አለበት። የሚያልፍበት መብራት በዚያው ልክ ስለሚያንስ ሽቦውም ሲቆረጥ የሚታየው የፊቱ ስፋት በዚያው ልክ ያንሳል፣ በአንድ ዓይነት ቦታም ይገባል። መከላከያ ወረቀቱን አደስኩ፣ ስፒናውን በባለሁለት ክብ እግር ቀየርኩት፣ በጎኑ ያለችውንም ዊንጣ መንጫጫቱ እስኪጠፋ ድረስ እያላላሁ አስተካከልኩ። አሁን ያለ አዳፕተርም ያለ ኮንቨርተርም ይሠራል። ምላጩ አሁንም 100 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ ወፍራም ፀጉር ላይ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ይህን አስቀድሜ ነገርኩት። ሌላ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን ቻርጀሩ «100-240» የሆነ ባለባትሪ ማሽን እንዲያስልክ እመክረው ነበር፤ የእኔ የጥቅለላ ዋጋ ይቅርብኝ።

ሦስተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። የማሞቂያ ዕቃ በዝቅተኛ ቮልት አይቃጠልም፣ ይቀዘቅዛል እንጂ። ሞተር ግን እንዲያ አይደለም። ይህን ለማወቅ ደግሞ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ ማቀዝቀዣውን በስታቢላይዘር የሚሰካ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ማታ ቮልቱ ሲወርድ የማቀዝቀዣው ሞተር ለመነሣት ይታገላል፣ ያጓራል፣ መነሣት ሲያቅተው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ መብራት እየሳበ በቆመበት ይግላል። በመንደራችን ቮልት ሲወርድ ሞተር የሚያቃጥል ከሆነ፣ በ120ው አገር የእኛን የ220 ማቀዝቀዣ የማያቃጥልበት ምክንያት የለም።

የማሞቂያውም ቢሆን «አያቃጥልም» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። ልጇ ዘንድ ወደ ሜሪላንድ የምትሄድ አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣዷን ይዛ ለመሄድ ፈልጋ አማከረችኝ። ምጣዱ በ220 ቮልት 3500 ዋት ይላል። ሙቀቱ የሚወርደው ከቮልቱ ጋር እኩል ሳይሆን በካሬው ስለሆነ፣ በ120 ቮልት ላይ የሚቀረው ኃይል 1040 ዋት ገደማ ነው፤ ከሦስት አንድ አይሞላም። በዚህ ሙቀት ሊጥ ይደርቃል እንጂ እንጀራ ዓይን አያወጣም። ቮልቱን ወደ 220 የሚያሳድግ ትራንስፎርመር ብትገዛስ? 3500 ዋት ከ120 ቮልት ለማግኘት ከግድግዳው 29 አምፔር መሳብ አለበት፤ የአሜሪካ ተራ ሶኬት መስመር ደግሞ 15 ወይም 20 አምፔር ላይ ብሬከሩ ይወድቃል። እዚህ ላይ አዳፕተርም ኮንቨርተርም መልስ አይሆኑም።

መልሱ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ቤቶች ሁለት የ120 መስመር ስለሚገባላቸው በሁለቱ መካከል 240 ቮልት አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ልብስ ማድረቂያው የሚሠራበት ሶኬት ይህ ነው፣ ብሬከሩም አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፔር ነው። የእኛ ምጣድ በዚያ ላይ 17 አምፔር ተኩል ያህል ይወስዳል፣ ይበቃዋል። ስለዚህ ሴትየዋን የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እማማ፣ ልጅዎ ከማድረቂያው ጀርባ ያለውን ሶኬት ፎቶ ያንሣልን፤ ባለሦስት ቀዳዳ ነው ወይስ ባለአራት?» ሁለቱም ዓይነት አለና። ባለአራት ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የመሬት መስመሩ ለብቻው ያለበት ስለሆነ ለብረት ምጣድ ይሻላል። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ለምጣዱ የሚሆን መስመርና ስፒና እንዲያበጅላት ነገርናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሬላት ነበር። 240 ከ220 በትንሹ ቢበልጥም በካሬው ሲሰላ ምጣዱ ከ3500 ወደ 4160 ዋት ገደማ ከፍ ስለሚል፣ እዚህ ከለመደችው ደቂቃ ቀደም ብላ ማንሣት አለባት። ከወር በኋላ በልጇ ስልክ ደውላ ስታመሰግነኝ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ማስጠንቀቂያውን ረስታው የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሥራቸው አርሮባታል።